ከድንጋጤ በኋላ፦ ፒቲኤስዲ በምን ይታወቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም ባለሙያዎች ፒቲኤስዲ ይሉታል። የድህረ አደጋ ሰቀቀን ማለት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ስለዚህ ሕመም ሲጠይቅ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «ይሄ የደረሰብኝ ነገር ያልፋል ወይስ ታምሜያለሁ?»

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ታሪኩ የማንም ግለሰብ አይደለም፤ ለማስረዳት የተሠራ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርድ ሚኒባስ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላትና ተገለበጠች። አንድ ተሳፋሪ ሞተ። አንዲት ልብስ ነጋዴና የመኪናዋ ረዳት ግን በትንሽ ጭረት ተረፉ። መኪናው አንድ፣ ደቂቃው አንድ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለየቅል ነው።

አደጋው ካለፈ ገና 5 ቀኑ ነው። እንቅልፍ የለኝም፣ እየባነንኩ እነሳለሁ፣ ምግብ አይበላልኝም። ፒቲኤስዲ ይዞኛል?

በ5ኛው ቀን ማንም ሰው ፒቲኤስዲ ይዞታል ሊባል አይችልም። ባለሙያም ቢሆን እንዲህ ብሎ መወሰን የለበትም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መባነን፣ መንቀጥቀጥ፣ ማልቀስ፣ ትዕይንቱ ዓይን ላይ እየመጣ ማስቸገሩ፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ ከብዙ ሰው የሚጠበቅ ነው። ሰውነት ከሞት አምልጦ ገና አልተረጋጋም። ነጋዴዋም ረዳቱም በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ሁሉ ነበረባቸው። እንዲያውም ነጋዴዋ ትብስ ነበር። ሌሊት እየጮኸች ትነሳ ነበር፤ እህቷ አጠገቧ ካልተኛች ዓይኗ አይከደንም ነበር። ረዳቱ ግን ዝም ያለ ነበር። ያያቸው ሁሉ «እሱስ ጀግና ነው» ብሏል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የጮኸ ይታመማል፣ ዝም ያለ ይድናል ብሎ መገመት አያዋጣም።

ታዲያ መስመሩ የቱ ጋ ነው? ለምን አንድ ወር ይባላል?

ብዙ ባለሙያዎች የሚከተሉት ዲኤስኤም-5 የሚባለው የምርመራ መመሪያ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ መቆየት አለባቸው ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አይሲዲ-11 ደግሞ ቢያንስ ለበርካታ ሳምንታት ይላል። ሐሳባቸው ይቀራረባል።

ወሩ የተመረጠው በአብዛኛው ሰው ላይ ድንጋጤው በእነዚያ ሳምንታት በራሱ እየረገበ ስለሚሄድ ነው። ቀድሞ ስም መስጠት ሊድን የነበረውን ሰው በሽተኛ ማድረግ ይሆናል። ከ3ኛው ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ምልክቱ በጣም ከበረታ «አጣዳፊ የጭንቀት መታወክ» የሚባል ሌላ ስያሜ አለ። እሱ ክትትል እንደሚያስፈልግ ይነግረናል እንጂ ፒቲኤስዲ የግድ ይከተላል ማለት አይደለም።

ግን ከቀኑ ቁጥር ይልቅ እኔ አቅጣጫውን እንድታዩ እመክራለሁ። ነጋዴዋ በ2ኛው ሳምንት ሌሊት የምትነሳው አንዴ ብቻ ሆነ። በ3ኛው ሳምንት ከእህቷ ጋር ሆና በቀን ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ሐረጎ ላይ ሲደርሱ እጇ አልቦት ነበር፤ ግን ወረደች። በ5ኛው ሳምንት ብቻዋን ወርዳ ዕቃ አምጥታለች። ስለ አደጋው ሲወራ ዛሬም ታለቅሳለች፤ አልቅሳ ግን ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጭንቀቷ እየቀነሰ፣ የምትሄድበት ቦታ እየሰፋ ነው።

ረዳቱ በተቃራኒው ነው። በ2ኛው ሳምንት «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ሥራ ቀረ። በ4ኛው ሳምንት መናኸሪያው አካባቢ መሄድ አቆመ። በ7ኛው ሳምንት ከሰፈር አይወጣም። የሚፈራው ነገር እየበዛ፣ ዓለሙ እየጠበበ መጣ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ማንኛውም ከባድ ነገር ፒቲኤስዲ ያመጣል? ንግዴ ከስሮ፣ ትዳሬ ፈርሶ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መክሰርም ፍቺም ሰውን ሊሰብር ይችላል፤ ድብርትና ከባድ ጭንቀትም ያመጣል። ምርመራው ግን ፒቲኤስዲ አይሆንም። በዲኤስኤም-5 ክስተቱ ሞት፣ የሞት አደጋ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ወይም ጾታዊ ጥቃት ያለበት መሆን አለበት። በራስ ላይ የደረሰ፣ በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ በዓይን የታየ፣ ወይም የቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ በአደጋና በጥቃት መጎዳቱን መስማት ሊሆን ይችላል። አስከሬን የሚያነሳ፣ ቁስለኛ የሚያመላልስ ሰው በሥራው ደጋግሞ ካየውም ይካተታል። በስልክ የሚዘዋወር ዘግናኝ ቪዲዮ ማየት ግን ሥራ ካልሆነ በስተቀር አይቆጠርም።

ባለሙያው ምን ይጠይቀኛል?

ምርመራው በዋናነት ጭውውት ነው። የደም ውጤት ወይም ራጅ ፒቲኤስዲን አያሳይም። በዲኤስኤም-5 መሠረት ባለሙያው አራት ዓይነት ለውጦችን ይፈልጋል። የረዳቱን ነገር ይዘን እንያቸው።

የመጀመሪያው የክስተቱ መመለስ ነው። ረዳቱን የምትመረምረው ነርስ «ስለ አደጋው ታስባለህ?» ብላ ብቻ አትተውም፤ ያማ ሁሉም ያስባል። «ሳትፈልገው ይመጣብሃል? ሲመጣ ምን ይሰማሃል?» ትለዋለች።

«የጋለ ፍሬን ሲሸተኝ ነው ሲስተር» አላት። «ባለፈው አንድ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ሽታው ሲመጣብኝ በቃ እዚያው ነኝ። መኪናው ይዞረኛል። የበሩን ብረት ይዤ ቆምኩ። እናቴ ስትጠራኝ እንኳ አልሰማሁም።»

ይህ ትዝታ ብቻ አይደለም። ትዝታ ያለፈ መሆኑ ይታወቃል፤ ለረዳቱ ግን በዚያች ደቂቃ ነገሩ አሁን እየሆነ ነው። ነጋዴዋም የፍሬን ሽታ ያስጠላታል። ግን የት እንዳለች ትረሳለች? አትረሳም። አይሲዲ-11 ትልቁን ክብደት የሚሰጠው ለዚህ «አሁን እየሆነ ነው» ለሚል ስሜት ነው። ከዚህ ዓይነት መመለስ ቅዠትም ይሁን፣ አስታዋሽ ነገር ሲገጥም ልብ መምታትም ይሁን፣ በዲኤስኤም-5 ቢያንስ አንድ መኖር አለበት።

ሁለተኛው መሸሽ ነው። ቢያንስ አንድ ይፈለጋል። ረዳቱ መናኸሪያውን ይሸሻል፣ ከሾፌሩ ጋር አይገናኝም፣ ወሬው ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። ይህ ምልክት በቀላሉ ይደበቃል። የሚሸሽ ሰው በሸሸበት ቦታ ደህና ነውና «አሁን ደህና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ነርሷ «ምን ይረብሽሃል?» ከማለት በተጨማሪ «ድሮ የምታደርገው፣ አሁን የተውከው ምን አለ?» ብላ መጠየቅ አለባት።

ሦስተኛው የአስተሳሰብና የስሜት መጥፎ ለውጥ ነው። ከዚህ ቢያንስ ሁለት። ረዳቱ «ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ትርፍ ጭኜ ነው» ይላል። ፍሬኑ መበላሸቱ ቢነገረውም አይቀበልም። ኳስ ማየት ይወድ ነበር፤ አሁን ጓደኞቹ ሲጠሩት አይወጣም። የእህቱ ልጅ ስትስቅለት ደስ እንደማይለው ሲናገር አፍሮ ነበር። «ልቤ ደንዝዟል» ነው ያለው።

አራተኛው ሰውነት ከጥበቃ አለመውረዱ ነው። እዚህም ቢያንስ ሁለት። ጎማ ሲፈነዳ ወይም የሠርግ ርችት ሲተኮስ መሬት ላይ ይተኛል። ቤት ውስጥ በር በሩን እያየ ይቀመጣል። በትንሽ ነገር ይቆጣል። እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ወሳኝ ጥያቄ ይቀራል፦ ኑሮውን አውኮታል ወይ? ረዳቱ ሥራ አቁሟል፣ ከወንድሙ ጋር ተጣልቷል። 7 ሳምንት አልፏል። እንግዲህ ምርመራው ተሟላ።

ታሪኩን በዝርዝር ካልተናገርኩ ምርመራ የለም?

አለ። ባለሙያው ምን ዓይነት ክስተት እንደነበረ ማወቅ ያስፈልገዋል እንጂ እያንዳንዱን ዝርዝር ማስወራት የለበትም። «የመኪና አደጋ ነበር፣ ሰው ሞቷል» ይበቃል። ጾታዊ ጥቃት ከሆነ «ያለፈቃዴ ተደፍሬያለሁ» ማለት፣ እሱም ከከበደ ራስን መነቅነቅ ይበቃል። ዘመድ ውጪ እንዲጠብቅ መጠየቅ መብት ነው። ብዙ ሴቶች ባል ወይም አማት አጠገባቸው ስላለ ብቻ «ራሴን ያመኛል» ብለው ይመለሳሉ። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ራስ ምታቱም ውሸት አይደለም። እኛ ዘንድ ድንጋጤ የሚነገረው በሰውነት ነው፦ ልቤን ይመታኛል፣ አናቴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል። ለጨጓራ፣ ለታይፎይድ፣ ለደም ግፊት ስንት ጊዜ ተመርምሮ ምንም ያልተገኘበት ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠየቅ ቀኑን ከአንድ ክስተት ጋር የሚያያይዘው ጊዜ አለ። ሲጀመር የሆነውን ነገር ለሐኪሙ መናገር ትልቅ እገዛ ነው።

ኢንተርኔት ላይ መጠይቅ ሞልቼ 40 አመጣሁ። አለቀልኝ?

የሞላችሁት ፒሲኤል-5 የሚባለው ይመስላል። 20 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ ሙሉው 80 ነው። ከ31 እስከ 33 አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን ፒቲኤስዲ ሊኖር ስለሚችል በደንብ ይመርመር ማለት ነው። መጠይቁ ይጠቁማል፤ አይወስንም።

ሁለት ስህተት ይበዛል። አንደኛው መጠይቁ ባለፈው አንድ ወር የነበረውን የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ አደጋው በደረሰ በ10ኛው ቀን መሙላት ነው። ያኔ ነጋዴዋም ትልቅ ቁጥር ታመጣ ነበር። ሁለተኛው አንድን ክስተት ይዞ ከመመለስ ይልቅ የኑሮን ጭንቀት ሁሉ አንድ ላይ መቁጠር ነው። በኪራይና በኑሮ ውድነት እንቅልፍ ያጣ ሰው «የእንቅልፍ ችግር» ላይ 4 ሊሞላ ይችላል። ቁጥሩ ይጨምራል፤ በሽታው ግን ሌላ ነው።

ሌላ ነገር ፒቲኤስዲ መስሎ ሊያሳስት ይችላል?

በደንብ ይችላል። በመኪና አደጋ መጀመሪያ የሚጣራው ጭንቅላት መመታቱ ነው። ጭንቅላቱ የተመታ ሰውም ይቆጣል፣ ይረሳል፣ እንቅልፉ ይዛባል። ራሱን ስቶ ነበር ወይ? ያስመልሰዋል ወይ? ራስ ምታቱ እየባሰ ነው ወይ? እነዚህ ካሉ በቶሎ ሐኪም ይየው፤ የድንጋጤ ነው ተብሎ አይታለፍ።

ሌላው ጫት ነው። እኛ አካባቢ ይህን ሳይጠይቁ መመርመር አይቻልም። ከሰዓት እስከ ማታ የቃመ ሰው ሌሊት አይተኛም፤ ጠዋት ይነጫነጫል፤ ኮሽ ሲል ይደነግጣል። ለመተኛት ብሎ አረቄ ከጨመረበት ደግሞ ይብሳል። ረዳቱም ከአደጋው በኋላ መቃም አብዝቶ ነበር። ነርሷ ሳትነቅፈው መጠኑንና ሰዓቱን ጠየቀችው፤ ጥቂት ቀን ቀንሶ እንዲያይም አደረገች። እንቅልፉ ትንሽ ተሻሻለ። የፍሬኑ ሽታ ግን አሁንም ወደ ሐረጎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጫቱ አባሰው እንጂ ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም።

የእንቅርት ሕመምም ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል። ጥርጣሬ ካለ የደም ምርመራ የሚታዘዘው እንዲህ ያለውን ለመለየት ነው።

ስጋቱ ገና አላለፈም። በሩን ሦስቴ አረጋግጬ ነው የምተኛው። ይህም በሽታ ነው?

አደጋው በእርግጥ ካለ መጠንቀቅ ምልክት አይደለም። ተኩስ በሚሰማበት ሳምንት ከመስኮት መራቅ፣ በማታ አለመውጣት፣ ስልክ አጠገብ አድርጎ መተኛት አእምሮ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ባለሙያ የሚያየው ጥንቃቄው ካለው አደጋ ጋር መመጣጠኑን ነው። ሁሉም ጎረቤት የሚያደርገውን የሚያደርግ ሰውና ነገር ከተረጋጋ ከወራት በኋላም ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ያቃተው ሰው አንድ አይደሉም። አደጋው ገና ሲቀጥል ምርመራው ያስቸግራል። ያኔ ጠንቃቃ ባለሙያ የክስተቱን መመለስ፣ ቅዠቱንና «አሁን እየሆነ ነው» የሚለውን ስሜት አጥብቆ ይጠይቃል፤ እነሱ በጥንቃቄ አይመካኙም።

ዘመዴ በአደጋው ሞቷል። ሐዘን ነው ወይስ ፒቲኤስዲ?

ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሐዘንተኛ የሚያብሰለስለው የሞተውን ሰው ነው፤ ይናፍቀዋል፣ ፎቶውን ያያል፣ ስሙ ሲነሳ ማውራት ይፈልጋል። በፒቲኤስዲ የሚመጣው የአሟሟቱ ትዕይንት ነው፤ ሰውየው ይፈራዋል፣ ይሸሸዋል። ልጇን ያጣች እናት ፎቶውን ማየት የማትችለው ፊቱ ሳይሆን የመጨረሻው ሁኔታ ስለሚመጣባት ከሆነ ለባለሙያ ትንገር። ለቅሶ ላይ «በቃ አታልቅሺ» ማለቱ ግን ለሁለቱም አይጠቅምም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደህና ነበርኩ። የመጣብኝ በኋላ ነው። ይህ ይሆናል?

ይሆናል። ሙሉ ምልክቱ ከክስተቱ ከ6 ወር በላይ ቆይቶ ሲሟላ የዘገየ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥቂት ምልክቶች ቀድመው ነበሩ። ጥቅምትና ኅዳር 2014 ሲሸሽ፣ ልጆች ሲያበላ፣ ተመልሶ የተዘረፈ ቤት ሲጠግን የከረመ ሰው ለራሱ ጊዜ አልነበረውም። ነገሩ ሲረጋጋ ወይም ሌላ ድንጋጤ ሲጨመር ያ የተዳፈነው ይነሳል። ሐረጎ ላይ ከተገለበጠች በኋላ የምታየው ቅዠት የጦርነቱ የሆነባት ሴት ብትኖር አይገርምም። ባለሙያው «ከዚህ በፊትስ ሌላ ነገር ደርሶብሽ ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ዓመታት ማለፋቸው ምርመራውንም ሕክምናውንም አይከለክልም።

ልጆችስ?

ትንሽ ልጅ «ትዝ ይለኛል» አይልም፤ ይጫወተዋል። መኪናዋን እየገለበጠ፣ እያነሳ፣ ደግሞ እየገለበጠ፣ ደስታ በሌለው ጨዋታ። ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ሊጀምር፣ ከእናቱ ቀሚስ ላይለቅ ይችላል። እስከ 6 ዓመት ላሉት ዲኤስኤም-5 የተለየና አነስ ያለ የምልክት ብዛት ይጠይቃል። አንድ ወር የሚለው ግን ለእነሱም ይሠራል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስተኛ መርፌ ልወጋ? ወይስ ሁሉንም አውርቼ ላስተንፍሰው?

የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያው ወር ለእንዲህ ያለ ድንጋጤና እንቅልፍ ማጣት እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማረጋጊያዎች እንዳይሰጡ ይመክራል። ያስለምዳሉ፤ ፒቲኤስዲንም አይከላከሉም። ሰውን ሰብስቦ በግድ የሆነውን በዝርዝር ማስወራትም አይመከርም። የሚያወራ ያውራ፣ ዝም የሚል ዝም ይበል። የቡናው ስብሰባ፣ የጎረቤት «አብሽር» ማለት፣ ከሰው ጋር መብላት፣ ወደ ለመዱት ሥራ በትንሽ በትንሹ መመለስ ለነጋዴዋ የሠራላት ይህ ነው።

ጸበልም ዱአም ለሚያምን ሰው መጽናኛ ነው፤ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ችግር የሚሆነው «ጂን ነው» ተብሎ ሰው ሲታሰር፣ ሲደበደብ ወይም መድኃኒቱን አቁም ሲባል ነው።

የት ልሂድ? ገብቼስ ምን ልበል?

በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። ከዚያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ይልካሉ፤ ደሴ ላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ምርመራው ከተረጋገጠ ክስተቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና አለ፤ ካስፈለገም የድብርት መድኃኒት ተብለው የሚታወቁት ይታዘዛሉ።

ስትገቡ አራት ነገር ንገሩ፦ ምን እንደደረሰ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ መቼ እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የተዋችሁትን ነገር፣ እና ነገሩ እየቀነሰ ነው ወይስ እየባሰ። ጫት፣ መጠጥና የምትወስዱትን መድኃኒት አትደብቁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ወር መቁጠር የለም፤ ዛሬውኑ ከሰው ጋር ሆናችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።